ሎሚው ሽታውን ወሰደው፤ ጀርሙስ የት ሄደ?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሐዋሳ አሞራ ገደል ጎራ ያለ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሐይቁ ዳር ዓሣው ይገፈፋል፣ ፊሌቶው ይወጣል፣ ሾርባው ይፈላል። ጥሬው በሚጥሚጣ ይቀርባል። አባ ኮዳዎቹ ደግሞ ትርፍራፊ እስኪወረወርላቸው ቆመው ይጠብቃሉ።

በቀደም እኔም ከሥራ ባልደረባዬ ጋር እዚያው ነበርኩ። ሁለታችንም ክሊኒክ ውስጥ ነው የምንሠራው። በእረፍት ቀናችንም የሰው እጅ ማየት አንተውም፤ መጥፎ አመል ነው። አጠገባችን አንድ ጋሼ ተቀመጡ። ዓሣውን በእጃቸው አገላብጠው መርጠው፣ ዋጋ ተከራክረው ነው የመጡት። ጣቶቻቸውን በውሃ አረጠብ አረጠብ አደረጉ። ከዚያ ግማሽ ሎሚ አንስተው መዳፋቸውን በደንብ አሹበት። አሸተቱት። «አሁን ጠራ!» አሉና ወደ ሾርባቸው ዞሩ።

እውነት ለመናገር ሽታው ጠርቶ ነበር። ግን ጠራ የተባለው የትኛው ነው? እጅ መታጠብ ላይ የሚያሳስተን ብዙ ነገር ከዚህች ጥያቄ ይጀምራል።

ሎሚው ምን ሠራ?

የዓሣ ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው አሚን ከሚባሉ ውህዶች ነው። በቀላሉ ይተንና አፍንጫችን ውስጥ ይገባሉ። የሎሚ አሲድ ሲያገኛቸው ጨው መሰል ነገር ይሆናሉ። ጨው ደግሞ አይተንም። ያልተነነ ነገር አፍንጫ አይደርስም፤ ስለዚህ አይሸትም። ሎሚው የሠራው ይህንን ነው።

ጀርም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጀርም ስንል ባክቴሪያን፣ ቫይረስንና እንደ አሜባ ያሉ በዓይን የማይታዩ ጥገኛ ተሕዋስያንን ማለታችን ነው። እጅ ላይ ተቀምጠው ምንም ሽታ ላይኖራቸው ይችላል። የሎሚ አሲድ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ሊያዳክም ይችል ይሆናል። ለጥቂት ሰከንድ እጅ ላይ ማሸቱ ግን ለዚያ አይበቃም።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። በሳሙና በደንብ ታጥበን እጃችን ትንሽ ዓሣ ዓሣ ቢል ቆሽሿል ማለት አይደለም። አፍንጫችን የእጅ ንጽሕና መለኪያ አይደለም። ዓይናችንም እንዲሁ።

ውሃ ብቻውንስ?

እዚህ ላይ ቃሪያ የከተፈ ሰው ይመስክር። ከትፎ ሲጨርስ እጁን በውሃ ይለቀልቃል። እጁ ንጹሕ ይመስላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳያስበው ዓይኑን ያሻል። የዚያን ጊዜ ነው ጉዱ የሚፈላው። የሚያቃጥለው ነገር ከውሃ ይልቅ ከዘይትና ከቅባት ጋር ስለሚስማማ ቆዳው ላይ ቀርቷል።

ጀርሞችም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ጠባይ አላቸው። ቆዳችን ሁልጊዜ ቀጭን ቅባት ይለብሳል፤ ሰውነታችን ራሱ የሚያመነጨው ነው። ጀርሞቹ ከላብ፣ ከአቧራና ከምግብ ቅሪት ጋር እዚያ ቅባት ላይ ይጣበቃሉ። ውሃና ቅባት ደግሞ አይዋደዱም። ውሃው ከላይ ይንሸራተታል፤ ቅባቱ ከነሸክሙ ይቀራል።

ውሃ ብቻውን ምንም አይሠራም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ የለንደን ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። 20 ፈቃደኞች ሕዝብ በሚበዛበት ቦታ የበር እጀታና መደገፊያ እንዲነኩ ተደረገ። ከዚያ እጃቸው ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ እንዳለበት ተመረመረ። ምንም ካልታጠቡት እጆች 44 በመቶው ላይ ተገኘ። በውሃ ብቻ ከታጠቡት 23 በመቶው ላይ። በሳሙናና በውሃ ከታጠቡት ደግሞ 8 በመቶው ላይ።

እንግዲህ በውሃ ብቻ መታጠብ ግማሽ መንገድ ነው። ከምግብ በፊት በማስታጠቢያ ውሃ እየተንቆረቆረልን የምንለቃለቀው ማለት ነው። ወጉ ያምራል። ወጉ ላይ ሳሙና ሲጨመር ነው ቀሪው ግማሽ የሚሞላው።

ሳሙናው ታዲያ ምን ያደርጋል?

ሳሙናን እንደ አስታራቂ ሽማግሌ አስቡት። ሁለት የተጣሉ ቤተሰቦች አሉ፤ ውሃና ቅባት። ሽማግሌው በአንድ ወገን የውሃ ዘመድ ነው፣ በሌላው ወገን የቅባት። የሳሙና ቅንጣት እንዲህ ነው። አንዱ ጫፉ ውሃን ይወዳል፤ ሌላው ጫፉ ቅባትን። ቅባት ወዳዱ ጫፍ ቆሻሻው ውስጥ ይሰካል፤ ውሃ ወዳዱ ጫፍ ወደ ውጭ ይቀራል። ብዙ ቅንጣቶች ቆሻሻውን ዙሪያውን ይከቡታል። ከዚያ ውሃ ሲፈስ ሁሉንም ጠቅልሎ ይወስዳል።

አንዳንድ ቫይረሶች ላይ ደግሞ ከዚህም ያልፋል። የኮሮናና የኢንፍሉዌንዛ ቫይረሶች የቅባት ሽፋን አላቸው። ሳሙናው ያንን ሽፋን ሲበጥሰው ቫይረሱ ይፈርሳል። ልጆችን በተቅማጥ የሚያሠቃየው ሮታ ቫይረስ ግን ይህ ሽፋን የለውም። እሱን ሳሙና አይገድለውም፤ ከቆዳ ላይ ያላቅቀዋል፤ ውሃው ይወስደዋል። ለእኛ ውጤቱ ያው ነው። ለዚህ ነው ማሸትና ማለቅለቅ እኩል የሚያስፈልጉት።

«የትኛው ሳሙና ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣል። ያገኛችሁት። ለቤት አገልግሎት «ፀረ ባክቴሪያ» ተብሎ የሚሸጠው ከተራው እንደሚበልጥ ማስረጃ አልተገኘም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ትሪክሎሳንን ጨምሮ 19 ንጥረ ነገሮች በእንዲህ ዓይነት ሳሙናዎች ውስጥ እንዳይገቡ ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። ሞቅ ያለ ውሃም ግዴታ አይደለም። ቀዝቃዛው ይሠራል።

ቀኝ እጄን ብቻ ብታጠብስ?

ይህ የእኛ የራሳችን ጥያቄ ነው። የምንበላው በቀኝ እጅ ስለሆነ ውሃ ሲመጣልን ብዙ ጊዜ ቀኛችንን ብቻ እንዘረጋለን። ግራው ስልክ ይዟል።

ችግሩ አንድ እጅ ራሱን ማሸት አለመቻሉ ነው። አውራ ጣት በቀሩት ጣቶች ጫፍ ላይ ዞር ዞር ይላል እንጂ በጣቶች መካከልና በእጅ ጀርባ የሚደርስ የለም። ሳሙና ካልታሸ ደግሞ ቅባቱ ውስጥ አይገባም።

ሁለቱንም ስንታጠብ እንኳን አንድ አስቂኝ ነገር አለ። ቀኝ እጁን የሚያዘወትር ሰው ግራውን ይበልጥ አሳምሮ ያጥባል። ምክንያቱም የሚያሸው ቀኙ ነው፤ የሚታሸው ግራው። ስለዚህ ወደ አፋችን የሚሄደው፣ ለሰው ጉርሻ የሚያጎርሰው እጅ በደንብ ሳይታጠብ ይቀራል።

በብዛት የሚረሱት ቦታዎች ሦስት ናቸው። አውራ ጣት፣ የጣት ጫፎች ከነጥፍሩ ሥር፣ እና የጣቶች መካከል። እንጀራ የምንቆርሰው በየትኞቹ እንደሆነ ልብ በሉ።

አስተጣጠቡ እንዲህ ነው። እጅን አርጥቡ፤ ሳሙና ያዙ። መዳፍ በመዳፍ፣ ከዚያ የአንዱን መዳፍ በሌላው ጀርባ ላይ አድርጎ ጣት በጣት አቆላልፎ ማሸት ነው። አውራ ጣትን በሌላው እጅ ጨብጦ ማዞር። የጣት ጫፎችን ሰብስቦ በሌላው መዳፍ ላይ መፈተግ፤ ጥፍር ሥር የሚገባው እንዲህ ሲሆን ነው። ማሸቱ ብቻ ቢያንስ 20 ሰከንድ ይፈጃል። ከማርጠቡ እስከ ማድረቁ ሲቆጠር የዓለም ጤና ድርጅት ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይለዋል። 20 ሰከንድ አጭር ይመስላል፤ አንድ ቀን በስልካችሁ ለኩት። ብዙዎቻችን ስድስት ሰባት ላይ እናቆማለን።

ቤት ውስጥ መሞከር ለምትፈልጉ ደስ የሚል ዘዴ አለ፤ ልጆችም ይወዱታል። መዳፍ ላይ ጥቂት የምግብ ዘይት አድርጉ፤ የቀረፋ ዱቄት ነስንሱበት። እጃችሁን በሙሉ አዳርሱት። መጀመሪያ በውሃ ብቻ ታጠቡ፤ ቀረፋው ንቅንቅ አይልም። ቀጥሎ እንደ ልማዳችሁ በሳሙና ታጠቡ። ቡናማ ሆኖ የቀረበት ቦታ ዕለት ዕለት የምትዘሉት ቦታ ነው። ባልደረባዬ ሲሞክረው አውራ ጣቱ ሥር ቀርቶበት ቀኑን ሙሉ ስንስቅበት ዋልን።

ውሃ በፈረቃ በሆነበት ቤትስ?

ቧንቧው ሁለት ሦስት ቀን ጭጭ ካለ ሰው መጀመሪያ የሚቆጥበው ከእጅ መታጠቢያው ነው። እስቲ በስሌት እንየው።

ለአንድ ሰው አንድ መታጠብ ግማሽ ሊትር ውሃ ይበቃዋል። አንድ የቡና ስኒ ውሃ ለማርጠብ፤ ከዚያ ውሃው ይቆማል። 20 ሰከንድ ይታሻል። የቀረው ለማለቅለቅ ነው። ብዙ ውሃ የሚባክነው እያሸን ክፍት ስንተወው ነው። አምስት ሰዎች ያሉበት ቤት እያንዳንዱ በቀን አራት ጊዜ ቢታጠብ 20 መታጠብ ነው። 10 ሊትር፣ ማለትም የባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ግማሽ። ያለቅልቁን ውሃ በባልዲ ተቀብላችሁ ሽንት ቤት ልትደፉት ትችላላችሁ፤ ስለዚህ ጨርሶ አልባከነም።

ቧንቧ ያለው ጀሪካን ከሌለ ሃይላንድ ይሠራል። ክዳኑን በጋለ ሚስማር በሳ በሳ ማድረግ ነው። ሲዘቀዝቁት እንደ ሻወር ይፈሳል፤ ሲያቀኑት ይቆማል። የሚያንቆረቁር ሰው አያስፈልግም።

ሳሙና ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት ቤት ወይም ሳሙና የሚጠፋበት የጋራ ግቢ ደግሞ የሳሙና ውሃ ማዘጋጀት ይችላል። 30 ግራም የልብስ ዱቄት ሳሙና፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ገደማ፣ በ1.5 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ከዚያ ጠብ ጠብ እያደረጉ መጠቀም ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ በጥናት የተሞከረ ዘዴ ነው። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ አለኝ። ጠርሙሱ ላይ በደማቁ ምልክት አድርጉበት፤ ሕፃን የማይደርስበት ቦታ ስቀሉት። ሃይላንድ ያየ ልጅ የሚጠጣ ይመስለዋል።

አንድ ሳፋ ውሃ ቀድቶ ቤተሰቡ ሁሉ በየተራ እጁን መንከሩ ግን አይሆንም። የመጀመሪያው ሰው ያወረደውን የመጨረሻው ሰው ይዞት ይነሳል። ውሃው መፍሰስ አለበት፤ በጣም ቀጭን ሆኖም ቢሆን።

ሐይቁስ? ውሃ ሞልቶ ለምን እዚያው አንለቀለቅም የሚል አይጠፋም። የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ የቢልሃርዚያን ጥገኛ የሚሸከሙ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች አሉት። ይህ ጥገኛ መጠጣት እንኳን አያስፈልገውም፤ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። በነገራችን ላይ እነዚህን ቀንድ አውጣዎች የሚገድለው እንዶድ ነው፤ ያው አያቶቻችን ልብስ ያጥቡበት የነበረው ፍሬ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ዶክተር አክሊሉ ለማ ነበሩ ይህን ያስተዋሉት። ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኟቸው።

ከታጠቡ በኋላ በምን ይደረቅ?

እርጥብ እጅ ከደረቅ እጅ ይልቅ ጀርም ያነሳል፤ ያስተላልፋልም። ስለዚህ ማድረቅ የመታጠቡ አካል ነው። ጉዳዩ ፎጣው ላይ ነው። በር ላይ ተንጠልጥሎ ሳምንቱን ሙሉ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚጠርግበት፣ መቼም የማይደርቅ ፎጣ ካለ ባይነኩት ይሻላል። ሶፍት ወይም የራስ ንጹሕ ፎጣ ከሌለ እጅን አራግፎ በአየር ማድረቅ ይቻላል። ቀሚስና ሱሪ ላይ መጥረግን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔም አደርገዋለሁና።

ሳኒታይዘር ካለኝስ?

እጅ ላይ የሚታይ ቆሻሻ ከሌለና ውሃ ከራቀ ጥሩ ነው። የአልኮል መጠኑ ቢያንስ 60 በመቶ መሆን አለበት፤ ጠርሙሱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። እስኪደርቅ ይታሻል እንጂ አይጠረግም። አረቄ አይተካውም። ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል፤ 60 መድረሱን የሚነግረን የለም።

ዓሣ ወይም ሥጋ የነካ፣ ቅባት የያዘ እጅ ላይ ግን ሳኒታይዘር ይሰንፋል። አልኮሉ ቅባቱን አልፎ ጀርሙ ጋ በደንብ አይደርስም። ጠንካራ ሽፋን ያላቸውን የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያንና የትል እንቁላሎችንም አይገድልም። እነዚህ በሳሙናና በውሃ ታጥበው ነው የሚሄዱት።

በየትኛው ሰዓት መታጠብ ነው ዋናው?

አንዲት እናት የሰባት ወር ልጇን ይዛ መጣች። በሦስት ወር ውስጥ ሦስተኛ ተቅማጡ ነው። «እኔ እኮ ሳልታጠብ ምግብ አልነካም» አለች፤ እውነቷን ነበር። ውሎዋን ከጠዋት ጀምሮ እንድትተርክልኝ ጠየቅኋት። ከምሳ በፊት በሳሙና ትታጠባለች። ከሽንት ቤት ስትመለስ ትታጠባለች። የልጁን ዳይፐር ስትቀይር ግን በሶፍት ጠርጋ፣ እጇን በጆግ ውሃ ለቅለቅ አድርጋ ወደ አጥሚቱ ትሄዳለች።

«የሕፃን ነው ብዬ ነዋ፤ ምን አለው?»

ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። የሕፃን ሰገራ ግን እንደ አዋቂው ጀርም አለው፤ ተቅማጥ ሲኖር ደግሞ በጣም ይበዛል። ያ እጅ አጥሚቱን ሲነካ ልጁ የራሱን ሕመም መልሶ ይውጠዋል። ወይም እህቱ ትወስደዋለች።

የተነጋገርነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሳሙና ውሃ ያለበት ሃይላንድ ዳይፐር የምትቀይርበት አጠገብ ይሰቀል ብለን ተስማማን፤ እሷም ሰቀለችው። ልጁ በዘጠኝ ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ሲመጣ በመሀሉ ተቅማጥ እንዳልያዘው ነገረችኝ። ይህን ያደረገው እጇ ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ጡጦውንም ትታ በኩባያ ጀምራ ነበር።

ስለዚህ ሰዓቶቹ እነዚህ ናቸው። ከሽንት ቤት በኋላ፣ ልጅ ካጸዳዱ በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀት፣ ከመብላትና ልጅ ከማብላት በፊት። ጥሬ ሥጋ፣ ዶሮ ወይም ዓሣ ከነኩ በኋላም ወዲያውኑ።

ወደ አሞራ ገደል ልመለስ። ባልደረባዬ ይህን ሁሉ ሳወራ አዳምጦ፣ እሱም በሳሙና ታጥቦ ተመልሶ፣ ጥሬ ፊሌቶውን እያየ «እሺ፣ አሁንስ ልብላው?» አለኝ።

እጅ መታጠብ የሚያጸዳው እጅን ነው፤ ዓሣውን አይደለም። ሥጋው ውስጥ የተጠቀለለ ትል ካለ የሚገድለው በደንብ ማብሰል ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን ማቆየትም ትሉን ይገድላል፤ ባክቴሪያውን ግን አያጠፋም። ይህንን ነገርኩት።

ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ ሳህኑን ይዞ ወደ መጥበሻው ሄደ። ሲመለስ ደግሞ በራሱ ጊዜ ወደ ጀሪካኑ ዞረ፤ ፊሌቶውን በእጁ ነክቶት ነበርና።